ሻወሩ ሲፈስ ላቫንዲኖው ለምን ቡልቅ ቡልቅ ይላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይኛው መታጠቢያ ቤት ሻወር ስንወስድ አጠገቡ ያለው ላቫንዲኖ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀምሯል። የሻወሩ ውሃ ይወርዳል፤ ግን ከበፊቱ ቀስ ብሏል። ጠዋት ጠዋት ሽታ አለ። ምድር ቤት ምንም ችግር የለም። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ‹ጉድጓዱ ሞልቷል፣ መኪና ጠርታችሁ አስመጥጡ› አለን፤ ሌላው ‹የአየር መውጫው ተዘግቷል› አለ። የቱን ልመን?»

መልስ፦ መኪናውን ለጊዜው አይጥሩ። ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቤት መመለስ ቢጀምር ቀድሞ የሚታወከው ምድር ቤቱ ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ ይልቅ ለጉድጓዱ የሚቀርበው እርሱ ስለሆነ። የምድር ቤቱ መታጠቢያም ወደዚያው ጉድጓድ የሚገባ ከሆነና የወለሉ ማፍሰሻ ጸጥ ካለ፣ ጥፋቱ ያለው ከላይኛው መታጠቢያ ቤት እስከ ቋሚው ቱቦ ባለው መስመር ላይ ወይም ቋሚው ቱቦ ወደ ጣሪያ በሚወጣበት የአየር መውጫ ላይ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ ሊሆን የሚችል ነገር ነግሮዎታል። እኔ ግን ካቀረቧቸው ምልክቶች ተነሥቼ የምጠረጥረው ሻወሩና ላቫንዲኖው በጋራ የሚጠቀሙበትን ቱቦ ነው። ምክንያቱን ላስረዳዎት፤ ከዚያ ገንዘብ ሳያወጡ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ።

በብዙ ቤቶች ላቫንዲኖውና ሻወሩ ለየብቻቸው ወደ ቋሚው ቱቦ አይሄዱም። ከወለሉ ሴራሚክ በታች በአንድ ቲ ይገናኙና በአንድ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ተያይዘው 110 ሚሊሜትር ወደሆነው ቋሚ ቱቦ ይገባሉ። ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ሲፎን ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የውሃው ጥልቀት አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚይዙም አሉ። የጉድጓዱን ሽታ ከቤትዎ የሚለየው ይህ ትንሽ ውሃ ብቻ ነው። በቱቦው ውስጥ ውሃ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ደግሞ አየር ይስባል። አየሩ በሌላ በኩል መውጫና መግቢያ ካጣ በቅርብ ያገኘው ደካማ በር ያ የሲፎን ውሃ ነው፤ ሰንጥቆት ያልፋል። የሚሰሙት ድምፅ ይህ ነው። ጄሪካን ዘቅዝቀው ሲደፉ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውም ውሃው በሚወጣበት በዚያው አፍ አየር መግባት ስላለበት ነው።

የጠዋቱ ሽታም የተለየ ችግር አይደለም። አየሩ በሲፎኑ ባለፈ ቁጥር ጥቂት ውሃ ይዞ ይሄዳል። ማታ ቤተሰቡ ታጥቦ ከተኛ በኋላ ሲፎኑ ጎድሎ ያድራል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው እጁን ታጥቦ እስኪሞላው ድረስ ሽታው ይገባል። ላቫንዲኖው ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ ሲጨምሩ ሽታው ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ በእርግጥ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልምጣ። በደህና የሚያፈስ ተራ ሻወር በደቂቃ አሥር ሊትር ገደማ ቢያወርድ ነው። አንድ ንጹሕ 50 ሚሊሜትር ቱቦ በትክክለኛ ቁልቁለት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ እያለ ከተዘረጋ፣ ይህ ውሃ ግማሹን እንኳ አይሞላውም። ውሃው ከታች ይሄዳል፣ አየሩ ከላይ እንደልቡ ይመላለሳል፤ ድምፅ አይኖርም። ስለዚህ እንዲሁ በሻወር ብቻ ላቫንዲኖው የሚያጉረመርም ከሆነ ቱቦው ጠብቧል ማለት ነው። እርስዎም ራስዎ «ከበፊቱ ቀስ ብሏል» ብለዋል። ይህ ቃል ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። የአየር እጥረት ብቻውን የሻወር ውሃ ቀስ እንዲል የሚያደርገው ጥቂት ነው። ደግሞም ቤቱ ሲሠራ አየር መውጫ ያልተሠራለት ቢሆን ኖሮ ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኖር ነበር እንጂ አሁን አይጀምርም ነበር።

አንድ ነገር ግን ይለዩልኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ሰው በባልዲ ይታጠብና የተረፈውን አንድ ላይ ወለሉ ላይ ይደፋዋል። ሃያ ሊትር በአንድ ጊዜ ሲደፋ ደህናው ቱቦም ለአፍታ ይሞላል፤ ላቫንዲኖው አንድ ጊዜ ቢያጉረመርም አያስደንግጥም። የሚያሳስበው ቀስ ብሎ በሚፈስ ሻወር የሚሰማው ድምፅ ነው።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ከላቫንዲኖው ጠርዝ በታች ያለችውን ትንሿን የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው ይድፈኑ። ይህችን ከዘነጉ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ አየሩ በእርሷ ይመላለሳል። ከዚያ አንድ ንብርብር ሶፍት አርጥበው የማፍሰሻውን ቀዳዳ እንዲከድን ይለጥፉት። አንድ ሰው ሻወሩን ይክፈት፤ እርስዎ ሶፍቱን ይዩ። ሶፍቱ ወደ ታች ብቻ ከተሰረጎደ ወይም ከተቀደደ መስመሩ አየር እየሳበ ነው፤ የጎደለው አየር ነው። መጀመሪያ ወደ ላይ ተነፍቶ፣ ሻወሩ ተዘግቶ ውሃው ተጠቃሎ ሲወርድ ደግሞ ወደ ታች ከተሳበ ግን መስመሩ ከመገናኛው ወዲያ ጠብቧል። ውሃው ከጠበበው ቦታ በስተጀርባ ይጠራቀማል፣ እየጨመረ ሲሄድ መሐል የታገተውን አየር በላቫንዲኖው በኩል ያስወጣል፤ የተጠራቀመው ሲለቅ ደግሞ ከኋላው ይስባል። ሁለቱን አንድ የሚያስመስላቸው ድምፃቸው ነው። ሶፍቱ ግን ይለያቸዋል።

ይህንኑ ሶፍት ሳያነሱ የላይኛውን ሽንት ቤት ውሃ ይልቀቁ። ሽንት ቤቱ በቀጥታ ወደ ቋሚው ቱቦ ስለሚገባ፣ በእርሱ ጊዜም ሶፍቱ ወደ ታች ከተሳበ ጥፋቱ ከጋራው ቱቦ አልፎ በቋሚው ቱቦ የአየር መውጫ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ሶፍቱ ዝም ካለና በሻወሩ ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግዎትም።

አሁንም ጥርጣሬ ከቀረዎት የመጨረሻው ማረጋገጫ ሲፎኑን መፍታት ነው። ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡ፣ ሲፎኑን በእጅ ፈትተው ከግድግዳው የሚወጣውን ቱቦ አፉን ክፍት ያድርጉት፤ ሻወሩን ለአምስት ደቂቃ ያስከፍቱ። አየር የጎደለው መስመር ከሆነ በዚያ አፍ ሲተነፍስ ይሰማሉ፣ የሻወሩም ወለል ፈጠን ብሎ ይጠራል። የጠበበ መስመር ከሆነ ግን ሻወሩ በቀስታው ይቀጥላል፤ ክፉኛ ከጠበበ የሳሙና ውሃ በዚያው አፍ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ባልዲው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፈተናው እንዳለቀ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይድፈኑት፤ ከጉድጓድ የሚመጣው አየር የሚመርዝም የሚቀጣጠልም ጋዝ ስላለበት በዚያ ክፍል ክብሪት አይጫር፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን።

እንደ ጠረጠርኩት የጋራው ቱቦ ጠብቦ ከተገኘ ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር የመታጠቢያ ቱቦ የሚያጠብበው በአብዛኛው ጸጉር ብቻ አይደለም፤ ጸጉርና ቅቤ ነው። ቅቤ የተቀባ ጸጉር በሞቀ ውሃ ሲታጠብ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ደጋ፣ በሌሊት ብርድ፣ ሴራሚኩ ሥር ያለው ቱቦ ውስጥ ግን ይረጋል። የረጋው ቅቤ ሳሙናውን ይይዛል፣ ሳሙናው ጸጉሩን ይይዛል፣ ጸጉሩ ከእግር የሚታጠበውን አፈር ይይዛል። ተጎትቶ ሲወጣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ግራጫና የሚያዳልጥ ነገር ነው። የሚጀምርበትም ቦታ አይጠፋም፤ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቲ ነው። በተለይ ሠራተኛው ሰያፍ በሆነው ማገናኛ ፈንታ ቀጥ ያለ ቲ ከተጠቀመ የሻወሩ ውሃ እዚያ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ ፍጥነቱን ያጣል፣ የያዘውንም ያራግፋል።

ሲያጸዱ ከሻወሩ ወለል ማፍሰሻ ይጀምሩ። ወንፊቱን ያንሱ፣ ውስጡ ያለውን የሚወጣ ኩባያ አውጥተው ይጠቡ። ከዚያ ተጣጣፊ የማጽጃ ሽቦ እያዞሩ ያስገቡ። አያስገድዱት፤ ሲይዝ ወደ ኋላ ጥቂት ስበው እንደገና ያዙሩት። ጸጉሩን ወደፊት መግፋት ሳይሆን ጠምጥሞ ማውጣት ነው የሚፈለገው። የተገፋው ጸጉር ከቋሚው ቱቦ መግቢያ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ይፈጥራል። የላስቲክ መግፊያ የሚጠቀሙ ከሆነ የላቫንዲኖውን ማፍሰሻና የትርፍ ውሃ ቀዳዳውን አንድ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ይያዝልዎት፤ አለዚያ ግፊቱ ሁሉ በላቫንዲኖው በኩል ይወጣል፣ የተዘጋው ነገርም አይነቃነቅም። ብዙ ሰው «መግፊያው አይሠራም» የሚለው ይህን ባለማድረጉ ነው።

ጸጉሩ ከወጣ በኋላ በቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረውን ቅቤ ለማስለቀቅ እጅ የሚችለው ዓይነት ሙቅ ውሃ ከፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጋር በርከት አድርገው ይልቀቁ። የፈላ ውሃ ግን አይጨምሩ። የፕላስቲክ ቱቦ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ለስልሶ መሐሉ ከሰረጎደ ውሃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ይፈጠርና ችግሩ የማይነቀል ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛ አሲድም አልመክርም። አሲድ ቅቤ አያሟሟም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሲድ በተደፋበት በረኪና መጨመር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። አስቀድሞ አንዱን ጨምረው ከሆነ ለሚመጣው ሠራተኛ መንገርዎን አይርሱ፤ ሽቦው ሲወጣ የሚረጨው ፊቱ ላይ ነው።

ሶፍቱ ወደ ታች ብቻ ተስቦ፣ ሽንት ቤቱም ሲለቀቅ እንዲሁ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ሁለተኛው ሠራተኛ ልክ ነው፤ ወደ ጣሪያ መሄድ ነው። በከፊል የተዘጋ የአየር መውጫ ጠባዩ አሳሳች ነው። ጥቂት አየር ስለሚያሳልፍ ለትንሽ ውሃ ይበቃል፣ ለብዙ ውሃ አይበቃም። ስለዚህ ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው ሽንት ቤት ሲለቀቅ ነው፣ ቀጥሎ ባልዲ ሲደፋ፣ በመጨረሻ በሻወር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያየሁት አንድ ቤት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ላቫንዲኖው ይጮሃል፣ ሻወር ሲወሰድ ደግሞ አንዳንድ ቀን ይጮሃል አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። የቤቱ ሰዎች ጉድጓዱን አስመጥጠዋል፣ ምንም አልተለወጠም። ሶፍቱን ስንለጥፍ ወደ ታች ብቻ ተሳበ፤ በሽንት ቤቱ ጊዜ እንዲያውም ተቀደደ። ጣሪያ ላይ ስንወጣ የአየር መውጫው ቱቦ አፉ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት በጥቁር ሽቦ ታስሮበታል። ግድግዳው ሲለሰን ሲሚንቶ እንዳይገባ ብለው ያሰሩት ነው፤ ግንባታው ሲያልቅ የፈታው የለም። ፀሐይ አድርቆት በአንድ በኩል አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተበጅታለች፤ ቤቱ ሁሉ የሚተነፍሰው በእርሷ ነበር። የደረቀው ከረጢት ቀዳዳዋን አንድ ጊዜ ይደፍናታል፣ አንድ ጊዜ ይተዋታል፤ «አንዳንድ ቀን» የተባለው ምሥጢር ይኸው ነው። ሽቦው ተቆርጦ ከረጢቱ ሲነሣ፣ ሽንት ቤቱ ተለቆ ሁለት ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲደፋ እንኳ ሶፍቱ ጥቂት ከመንቀጥቀጥ በቀር አልተሳበም።

ከከረጢት ሌላ የወፍ ጎጆ፣ የተርብ ቤት፣ ቆርቆሮ ሲቀየር የወደቀ ቁራጭ ይገኛል። ቆርቆሮ ሲቀየር ቱቦው አጥሮ ከቆርቆሮው በታች የተቀበረበትም ቤት አይቻለሁ፤ ይህ ሲሆን ኮርኒሱ ውስጥ ሽታ ይኖራል። ለመፈተን ከጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ይልቀቁበት፤ እየዋጠ ከሄደ ክፍት ነው፣ ሞልቶ ከተመለሰ ተዘግቷል። ከዝናብ በኋላ ግን አይውጡ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚወድቅ ሰው ይጎዳል። በደረቅ ቀን ሲወጡም ምስማር የተመታበትን መስመር እየረገጡ ይሂዱ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

አንዳንድ ሠራተኞች ጣሪያ ላይ ከመውጣት ይልቅ ላቫንዲኖው ሥር አየር የሚያስገባ ቫልቭ እንግጠም ይላሉ። ቫልቩ ጥሩ ነገር ነው፤ ሥራው ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ሶፍቱ ወደ ታች ብቻ ለሚሳብበት ቤት ይረዳል። ሶፍቱ ወደ ላይ ለሚነፋበት ቤት ግን ምንም አይፈይድም። ቤቱ ቢያንስ አንድ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ክፍት ቱቦ ሳይኖረው በቫልቭ ብቻ መተማመንም አይገባም፤ የጉድጓዱ ጋዝ የሚወጣበት ያስፈልገዋል።

ይህን የሚያነቡ፣ መታጠቢያ ቤታቸው ምድር ላይ የሆነ ሰዎች ግን ከእርስዎ የተለየ ነገር ሊገጥማቸው ስለሚችል ጥቂት ልጨምር። እንደ ቢቸና ባሉ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው የምሥራቅ ጎጃም አካባቢዎች፣ እንዲሁም የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነባቸው በጣና ዳርቻ ሰፈሮች፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጀምሮ ኅዳር ላይ ራሱን የሚያቆም ድምፅ አለ። ይህ የጋራው ቱቦም የአየር መውጫውም አይደለም። ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ አይቀበልም። ከሴፕቲክ ታንኩ የሚወጣው ውሃ የሚሠርግበት ስላጣ ታንኩ ውስጥ ከፍ ይላል፣ ወደ ታንኩ የሚገባውን ቱቦም ያሰጥመዋል። ያኔ ሻወር የሚገፋው አየር ወደፊት መሄጃ የለውም፤ ወደ ላቫንዲኖው ይመለሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የታንኩን መግቢያ ክዳን አንሥተው ከሩቅ ይዩ፤ ውሃው ከመግቢያው ቱቦ ወለል በታች ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ቱቦውን ሸፍኖት ካዩ ነገሩ ይኸው ነው። መኪና ቢያስመጡ ይመጥጣል፤ ግን ሳምንት ሳይሞላው ውሃው ተመልሶ ያው ቦታ ከቆመ ሕመሙ ታንኩ ላይ ሳይሆን ማስረጊያው ላይ ነው፤ በበጋ ማስረጊያውን ማስፋት ወይም ቦታውን መቀየር ይገባል። ታንኩ የተቀበረ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ሙሉ በሙሉ አያስመጥጡት፤ ባዶ ታንክ ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ቱቦዎቹን ነቅሎ ይነሣል። በምንም ምክንያት ሰው ወደ ታንኩ እንዳይገባ። ጋዙ በጥቂት እስትንፋስ ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይቀራል።

ወደ እርስዎ ቤት ስመለስ፣ መስመሩ በሽቦ ከጸዳ በኋላ ሻወሩን አሥር ደቂቃ ክፍት አድርገው ሶፍቱን እንደገና ይለጥፉ። ጸጥ ካለ አልቋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ከጠበበ ግን ቱቦው ሰርጉዷል ወይም ማገናኛው ቀጥ ያለ ቲ ነው፤ ያኔ ሴራሚኩን ማንሣት ግድ ይሆናል። ሠራተኛው ሰያፍ ማገናኛ ይግጠም፣ ቁልቁለቱን በውሃ ልክ ይለካልዎት፤ ሴራሚኩንም ከመመለሱ በፊት ቱቦው ክፍት ሆኖ ሳለ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበት። ውሃው ካለፈ በኋላ በቱቦው ወለል ላይ ተኝቶ የቀረ ካለ አልተስተካከለም፤ እንዳይሸፍነው።